ያለ ማለስለሻ ፎጣ ማለስለስ፦ የክረምት የአጠባ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ሰኔ፣ መነሻው

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ ችፌ አለበት። የክንዱና የጉልበቱ እጥፋት ድሮም ይቀላ ነበር። አሁን አንገቱ ዙሪያና የሱሪው ላስቲክ የሚያርፍበት ወገቡ ላይም ጨመረበት። የቆዳ ሐኪሙ ቅባት አዘዘና ልብሱ በምን እንደሚታጠብ ጠየቀ። ከዚያ «ሽታ ያለውን ነገር ከልብሱ አውጡለት» አለ። ቤታችን ውስጥ ልብስ ላይ የሚገባ ሽታ ያለው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ኦሞው፣ ሌላው የልብስ ማለስለሻው።

እህቴ ኦሞውን ለመቀየር አልተከራከረችም። ማለስለሻውን ግን አልለቅም አለች። እውነት አላት። ደብረ ማርቆስ በክረምት ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ማለስለሻ ያልነካው ፎጣ ከገመድ ሲወርድ እንደ ቆርቆሮ ድርቅ ብሎ ነው። የቆሰለ ቆዳ በዚያ ሲታሽ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሥራው «ማለስለሻውን ጣሉት» በማለት ብቻ አያልቅም። በቦታው ልስላሴውን የሚሰጥ ነገር መገኘት አለበት።

የምንሠራበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ማሽን የለም፣ አጠባው በእጅ ነው፤ ሦስት ሳፋ፣ የቧንቧ ውኃ (ሲመጣ)፣ በረንዳ ላይ የተወጠረ ገመድ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አጣራን። ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ ካለ፣ በዚያ ላይ ሌላው የቤተሰብ አባልም የሚያክ ከሆነ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ከታየ፣ ነገሩ እከክ ሊሆን ይችላል። ያ በመድኃኒት ነው የሚድነው፤ ማለስለሻ ቢቀር ባይቀር ለውጥ የለውም። እኛ ቤት የሚያከው ልጁ ብቻ ነበር። ሐኪሙም አይቶ አይደለም ብሏል። እሺ፣ ወደ ልብሱ።

ሰኔ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ማለስለሻ ሳሙና አይደለም። አያጸዳም። ሥራው ጨርቁ ላይ መቅረት ነው።

ጥጥ ውኃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ነጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። የማለስለሻው ዋና ንጥረ ነገር ካቲዮኒክ ሰርፋክታንት ይባላል። አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ራስ አለው፤ ከራሱ ላይ ከስብ የተሠሩ ረጃጅም ጭራዎች ይወጣሉ። ራሱ ጥጡ ላይ ይጣበቃል፣ የስቡ ጭራ ወደ ውጭ ይቀራል። ውጤቱ እያንዳንዱን ክር የሚያለብስ ስስ የስብ ሽፋን ነው። እጃችን ስንዳስሰው «ለሰለሰ» የምንለው ያንን ነው፤ ክሮቹ እርስ በርስ አይፋተጉም፣ ይንሸራተታሉ።

ስቡ ከከብት ሞራ ወይም ከፓልም ዘይት ይመጣል። ይህን ለእማዬ ስነግራት «እና በጾም ልለብሰው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አለፍኩት።

ድሮ የነበረው ዓይነት በተፈጥሮ ቶሎ የማይበሰብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አውሮፓ ውስጥ አምራቾች ኢስተርኳት ወደሚባለውና ቶሎ ወደሚበሰብሰው ዓይነት ዞሩ። ዛሬ ብዙው ማለስለሻ በዚህ የሚሠራ ነው። ከዚያ ውጭ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ሽቶ፣ ቀለምና እንዳይበላሽ የሚጨመር ፕሪዘርቫቲቭ ይከተላሉ።

ለቆዳ አስቸጋሪ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከሽቶዎቹ ውስጥ ሊሞኒንና ሊናሎል የሚባሉት አየር ነክቷቸው ሲቆዩ አለርጂ የሚያስነሳ ነገር ይፈጥራሉ። ከፕሪዘርቫቲቮቹ ደግሞ አይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ቤተሰብ በአለርጂ የታወቀ ነው። የስቡ ሽፋን ራሱ ለብዙ ሰው ችግር የለውም። እንዲያውም ጨርቁ ስለሚለሰልስ የቆዳን መፋተግ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ማለስለሻ መርዝ ነው» የሚለውን ወሬ አልቀበለውም። ችግሩ ሌላ ነው። ሽፋኑ እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ይዞት የመጣው ሽቶም አብሮ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ አንገት ላይ ያድራል።

ሐምሌ፣ የፎጣ ቁራጮች ሙከራ

አንድ ያረጀ የጥጥ ፎጣ ቆራርጠን ጫፋቸውን በተለያየ ቀለም ክር ሰፋን። እንዳይምታቱ ነው። አንዱ በኦሞ ታጥቦ ማለስለሻ ገባበት። አንዱ በኦሞ ብቻ። አንዱ በግማሽ ኦሞ ሆኖ በደንብ ተለቀለቀ። ሁሉም አንድ ገመድ ላይ ደረቁ።

ያየነው ይህ ነው። ማለስለሻ የነካው በእጅ ሲዳሰስ ከሁሉም ይለሰልሳል። ግን ከመድኃኒት መንጠቢያ አንድ ጠብታ ውኃ ስናደርግበት ጠብታው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ቆየ፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው። ማለስለሻ ያልነካቸው ላይ ጠብታው እንዳረፈ ጠፋ። ልጁን ከገላ መታጠቢያ ስታወጪው ፎጣው ውኃውን የሚገፋ ከሆነ ደግመሽ ደጋግመሽ ታሺዋለሽ። ልስላሴው በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል።

ይህ የጠብታ ሙከራ ቤት ውስጥ ያለውን ፎጣ ሁሉ ለመመርመር ይበቃል። አዲስ ፎጣ ግን አያታልላችሁ። ፋብሪካው ራሱ ማለስለሻ ስለሚቀባው ከሱቅ እንደመጣ ውኃ አይጠጣም። ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ነው እውነተኛ ጠባዩ የሚታየው።

በዚያው ሰሞን ማለስለሻ መግባት የሌለበትን ለይተን አስቀመጥን። ፎጣ፣ የሽንት ጨርቅና የወለል መወልወያ ጨርቅ ውኃ መጠጣት ስላለባቸው ይቅርባቸው። ላብ ወደ ውጭ የሚያወጣ የስፖርት ልብስም እንዲሁ፤ ሽፋኑ ላቡንና ሽታውን ይዞ ይቀራል።

አንዱን ግን እህቴም እኔም አላሰብነውም ነበር፤ እሳት። ማለስለሻ ፀጉራማ ጨርቅን ያፍነሸንሸዋል፤ የተፍነሸነሸ ጥጥ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። አንዳንድ ጠርሙስ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ይገኛል። እሳት እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራ የልጅ የሌሊት ልብስ ላይም እንዳይገባ ይላል። እኛ አገር በክረምት ጋቢ ተለብሶ ከሰል ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። የእማዬ ጋቢ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለስለሻ አይቶ አያውቅም።

ሐምሌ፣ ፎጣው ለምን ይሻክራል?

ብዙ ሰው ሳሙና ጨርቁ ውስጥ ስለቀረ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ውኃ ነው።

ጥጥ ደረቀ ስንል እንኳ ክሮቹ ላይ ትንሽ ውኃ ይቀራል። ይህ የቀረው ውኃ በጎረቤት ክሮች መካከል ገብቶ እንደ ማጣበቂያ ያያይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓኑ ካኦ ኩባንያና የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ውኃ ጥጡ ላይ በመሣሪያ አይተው አሳይተዋል። ፎጣ ነፋስ በሌለበት፣ ሳይነቃነቅ ቀስ እያለ ሲደርቅ ክሮቹ በተኙበት ይያያዛሉ። ማለስለሻው የሚከለክለው ይህንን መያያዝ ነው፤ የስቡ ጭራ መሐል ይገባል።

እንግዲህ መያያዙን በሌላ መንገድ ማፍረስ ከተቻለ ስቡ አያስፈልግም ማለት ነው። የቀጠለው ሥራ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ነው።

ሐምሌ፣ ማለቅለቁ

መጀመሪያ የሳሙናውን ግማሽ መፍታት። ኦሞ ስንጨምር የምናየው አረፋውን ነው፤ አረፋ ካልሞላ የታጠበ አይመስለንም። ለልጁ ልብስ ሽቶ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ገዛን። ከኦሞው በጣም ይወደዳል። ደግነቱ የምንጨምረው ከድሮው ግማሽ ስለሆነ ብዙ አልጎዳንም።

ከዚያ ማለቅለቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ፤ ብዙ ነገር የቀየረው ይህ ነው። ደረቁ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ልብስ አለ እንበል። የሚለቀለቀው 15 ሊትር ውኃ በያዘ ሳፋ ነው። ልብሱ ሳይጨመቅ ከሳሙናው ሳፋ ወደ ማለቅለቂያው ከተዛወረ ስድስት ሊትር ያህል የሳሙና ውኃ ይዞ ይሄዳል። በደንብ ከተጨመቀ ሁለት ሊትር ያህል ነው የሚይዘው።

ሳይጨመቅ ሲለቀለቅ ስድስቱ ሊትር ከ15ቱ ጋር ተደባልቆ 21 ይሆናል። ልብሱ ሲወጣ ከዚያ ስድስቱን መልሶ ይዞ ይወጣል። ከሳሙናው 29 በመቶ ያህሉ ቀረ ማለት ነው። ሦስት ሳፋ ውኃ ብንቀያይር እንኳ 2.3 በመቶ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ማለቅለቅ በፊት ከተጨመቀ ግን በአንዱ ሳፋ 12 በመቶ ያህል፣ በሁለተኛው 1.4 በመቶ ብቻ ይቀራል። እየጨመቁ ሁለት ሳፋ፣ ሳይጨምቁ ከሦስት ሳፋ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 15 ሊትር ማትረፍ ቀላል አይደለም።

ሒሳቡ ግምት ነው፤ ክሩ ውስጥ የተደበቀ ሳሙና ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ልብሱን ሳፋው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ ሒሳብ ለማለስለሻ አይሠራም። ሳሙና ውኃው ውስጥ ነው ያለው፣ ውኃው ሲሄድ ይሄዳል። ማለስለሻ ጨርቁን ይዞ ይቀመጣል። «እሺ ማለስለሻ ገብቶ በደንብ እናለቅልቀው» የሚለው የእህቴ ሐሳብ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሳሙና መቅረቱን ማወቂያው ቀላል ነው። የታጠበና የደረቀ የእግር ሹራብ ወይም መሐረብ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ይጨመርና ይናጣል። አረፋው ተነሥቶ ከቆየ ሳሙና አለ። ከድሮው አጠባችን የወሰድነው ሹራብ የጠርሙሱን አንገት በአረፋ ሞላው። ከአዲሱ የወሰድነው ላይ ጥቂት ብልጭልጭ ታየና ጠፋ። እህቴ ከዚህ በኋላ ነው በቁም ነገር የያዘችው።

ነሐሴ፣ አቼቶ

አቼቶ ሁሉም ሰው የሚመክረው ነው። የምንገዛው አቼቶ አብዛኛው 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ ያለው ነው። ኦሞና የልብስ ሳሙና አልካላይን ናቸው፤ ጤነኛ ቆዳ ደግሞ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ አምስት አካባቢ ነው። አቼቶው ጨርቁ ላይ የቀረውን አልካላይን ይሽረዋል፤ ኖራ የበዛበት ጠንካራ ውኃ የተወውን ደለልም ያላቅቃል። እንደ ማለስለሻው ሽፋን አይተውም። ስለዚህ ውጤቱን አጋንኖ መጠበቅ አይገባም፤ ሻካራነትን ያነሣል እንጂ አያንሸራትትም።

መጠኑ ለአሥር ሊትር ውኃ አንድ የቡና ስኒ ነው። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ይገባል፣ ልብሱ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ አንዴ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ያልሠራበት አንድ ጊዜ አለ። የእማዬን አንሶላ በደረቅ የልብስ ሳሙና አጥባ ሳይለቀለቅ አቼቶው ውስጥ የከተተችው እህቴ ናት። አንሶላው ሲወጣ እጅ ላይ የሚያዳልጥ ነጭ ቅሪት ነበረው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ደረቅ ሳሙና ከስብ የተሠራ ነው፣ አሲድ ሲያገኘው ተመልሶ ስብ ይሆናል። አቼቶ የሚገባው ሳሙናው ከወጣ በኋላ ነው። አንሶላው በሙቅ ውኃና በትንሽ ኦሞ ታጥቦ ተስተካከለ።

ከሁሉም በላይ ግን አቼቶና በረኪና አንድ ሳፋ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ነጭ ልብስ በበረኪና የዘፈዘፈ ሰው በዚያው አጠባ አቼቶ አይጨምር። እኛ ሁለቱን ጠርሙሶች የተለያየ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናቸው።

ጎረቤታችን ሎሚ አይሻልም ወይ ብላ ነበር። አይሻልም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ችፌ ላለበት ልጅ ደግሞ በፍጹም።

ነሐሴ፣ ማድረቁ

እዚህ ነው ልስላሴው የተገኘው።

በመጀመሪያ ፎጣውን ከመስጣታችን በፊት በሁለት ጫፉ ይዘን በኃይል ማራገፍ ጀመርን። የተኙት ጉንጉን ክሮች ይቆማሉ። ይህ ብቻውን ለውጥ አለው ግን አይበቃም፤ በረንዳው ላይ ነፋስ ከሌለ ክሮቹ መልሰው ይተኛሉ።

የሠራው ግማሽ ሲደርቅ አውርዶ እንደገና ማራገፍና በሁለት እጅ ማሸት ነው፣ ከዚያ መልሶ መስጣት። ክሮቹ የሚያያዙት የመጨረሻው እርጥበት ሲወጣ ስለሆነ፣ መነቃነቅ የሚጠቅመውም ያኔ ነው። ጠዋት የተሰጣ ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላም አንድ ጊዜ ማሸት ያስፈልጋል፤ የተያያዘው ሲላቀቅ እጅ ላይ ይታወቃል።

ዝናቡ ሳያባራ ሲቀር ቤት ውስጥ ሰጣነው። ግድግዳ አጠገብ የተሰጣው ሻካራም ሆነ፣ ሽታም ያዘ። ገመዱን ወደ ክፍሉ መሐል አመጣነው፤ በፎጣዎቹ መካከል የአንድ እጅ ክፍተት ተውን፤ በርና መስኮት ተከፈተ። ሽታው ቀረ። የሻገተ ሽታ ሲመጣ ማለስለሻ ጨምሮ መሸፈን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሽታው ግን ከቆየ እርጥበት የመጣ ስለሆነ ከሽቶው ሥር ተመልሶ ይመጣል።

ለሸሚዝ፣ ለአንሶላና ለልጁ ካናቴራ ካውያ ከሁሉም ይበልጣል። ትንሽ እርጥበት እያለው ከሁለቱም ጎን መተኮስ። ሙቀቱ የቀረውን ውኃ ያስወጣል፣ ግፊቱ ክሮቹን ያላቅቃል። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ሠርተናል፤ አመዱ እንዳይረግፍበት ስስ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። ፎጣ ላይ ግን ካውያ አይሠራም፣ ጉንጉኑን ይደፈጥጠዋል።

ማሽን ያላቸው ወዳጆቻችን ደግሞ ማለስለሻ የሚገባበትን ሳጥን ባዶ ትተው ተጨማሪ ማለቅለቂያ የሚለውን ይምረጡ፤ ከማሽኑ እንደወጣ ያራግፉት። ቀሪው ያው ነው።

ነሐሴ መጨረሻ፣ የድሮውን ማለስለሻ ማውጣት

ለወራት ማለስለሻ የገባበት ፎጣና አንሶላ በአንድ ጊዜ አይጠራም። ሆኖም ሳሙና ማለስለሻን ይስባል። ኦሞ ውስጥ ያለው አጣቢ ነጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ማለስለሻው ፖዘቲቭ ነው፤ ሲገናኙ ተያይዘው ይወጣሉ። ማለስለሻን ከኦሞ ጋር አንድ ላይ ሳፋ ውስጥ መጨመር ሁለቱንም የሚያበላሸውም ለዚህ ነው።

እኛ ያደረግነው በሙቅ ውኃና በልክ ሳሙና እያጠቡ ማለስለሻ ሳይነካው መቀጠል ብቻ ነው። ጠብታ እያደረግን እናያለን። ጠብታው በየአጠባው ትንሽ እየፈጠነ መጥቶ በመጨረሻ እንዳረፈ መግባት ጀመረ። አንድ ወፍራም ፎጣ ግን እምቢ አለ። ሽቶውም አለቀቀም። እሱን ለእግር ማድረቂያ አወረድነው።

መስከረም፣ የልጁ ቆዳ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንቀይር የትኛው እንደረዳው አናውቅም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያቆምነው ማለስለሻውን ብቻ ነው፤ ሌላው እንዳለ ቆየ። የሐኪሙ ቅባትም አልተቋረጠም። የሽቶ አለርጂ ሲሆን ቆዳው ወዲያው አይናገርም። ልብሱ ከነካው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሲለቅም ሳምንታት ይወስዳል። በማግሥቱ አይቶ «አልሠራም» ማለት አይቻልም።

አንገቱ ዙሪያ ያለው መቅላት ቀድሞ ለቀቀ። የትራስ ልብሱና የካናቴራው አንገት የሚነካው ቦታ ነው። የወገቡ ግን ሳሙናውንና ማለቅለቁን እስክናስተካክል አልተሻለም። ላስቲክ ያለበት ቦታ ጨርቁ ስለሚታጠፍ ሳሙና ይቋጥራል፤ አሁን ላስቲኩን ለጥጠን ነው የምናለቀልቀው። የክንዱና የጉልበቱ እጥፋት እንዳለ ነው። እሱ የችፌው የራሱ ቦታ ነው፤ ልብስ ብቻ አያድነውም። ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን መቀባቱና የታዘዘለት ቅባት ናቸው የሚይዙት።

እህቴ «እንግዲያው ማለስለሻ መልሰን እንሞክርና እርግጡን እንወቅ» አለች። ልጁ ላይ አይሆንም አልኳት። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ፓች ቴስት የሚባል አለ፤ የተጠረጠሩ ነገሮች ጀርባ ላይ ተለጥፈው በቀናት ልዩነት ይታያሉ። ምላሽ የሰጠው ሽቶው ይሁን ፕሪዘርቫቲቩ የሚለየው በዚያ ነው።

መስከረም፣ የእማዬ ጋቢና እንዶድ

እማዬ ከጎዛምን ገጠር የደረቀ እንዶድ አስመጣች። ክረምቱን ሙሉ እኛ በሳፋ ስንመራመር በትዝብት ነበር የምታየን። እንዶዱ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይመታል፣ አረፋ ይሠራል፣ በጨርቅ ይጠለላል። ፈሳሹ ነው የሚያጥበው።

አረፋውን የሚሠራው ሳፖኒን ነው። እንደ ደረቅ ሳሙና ከጠንካራ ውኃ ኖራ ጋር ተያይዞ ነጭ ቅሪት አይሆንም። ስለዚህ ጋቢው ሲደርቅ አልሻከረም፤ ነጭነቱም ጠራ። ሽቶ የለበትም።

ግን ከተፈጥሮ ስለመጣ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ሲወቀጥ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ውጭ ነው የወቀጠችው። የእንዶድ ኃይል የታወቀ ነው፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢው ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ለጋቢና ለነጠላ ወድጄዋለሁ። የልጁ ልብስ ላይ ግን አልሞከርነውም፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳላይ አልደፍርም።

ጥቅምት፣ ጠርሙሱ የት ደረሰ?

ዝናቡ አቆመ፣ አየሩ ደረቀ። እህቴ የፖሊስተር ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጣበቀ፣ ሹራቧ ሲወልቅ ጠሽ ጠሽ እያለ አስቸገራት። ይህ ጨርቁ ላይ የሚጠራቀም ቻርጅ፣ ስታቲክ የሚባለው ነው። አቼቶም መራገፍም አያጠፉትም። ፖሊስተር ውኃ አይጠጣም፣ ቻርጁ የሚሄድበት የለውም። የማለስለሻው ሽፋን ትንሽ እርጥበት ስለሚይዝ ቻርጁን ያስወጣል። እዚህ ላይ ማለስለሻ በእውነት ይሠራል።

ስለዚህ ጠርሙሱ አልተጣለም። የእህቴ የፖሊስተር ልብስ ለብቻው በራሱ ሳፋ ይታጠባል፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ መለያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ይገባበታል። መጀመሪያ ውኃው ውስጥ ተበጥብጦ ነው፤ ቀጥታ ልብስ ላይ ከፈሰሰ የዘይት የሚመስል ነጠብጣብ ይተዋል። ሳፋው ለልጁ ልብስ አያገለግልም። እሷም ልጁን ስታቅፍ ከላይ የምትደርበው ማለስለሻ ያልነካው የጥጥ ሸሚዝ አለ።

በወጪ በኩል ማለስለሻው ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ይቆያል። አቼቶው ርካሽ ነው። ሽቶ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና የሚወደደው ብቻውን ሲታይ ነው፤ ኦሞው ለትልልቆቹ ብቻ ስለሆነ አሁን ሁለቱ ተደምረው ከድሮው ወጪያችን ብዙም አይርቁም። የጨመረው ጉልበት ነው፤ ፎጣ አውርዶ ማራገፍና መልሶ መስጣት ሰው ይፈልጋል። በሥራ ቀን ለልጁ ፎጣና ለትራስ ልብሱ ብቻ እናደርገዋለን። የሌላው ሰው ፎጣ ቢሻክር ይሻክር።

ቀጥሎ የሚታየው የካናቴራዎቹ አንገት ላይ የተሰፋው ናይለን ምልክት ነው። አንገቱ ላይ አሁንም አንዲት ትንሽ ቦታ ትቀላለች፤ ምልክቱ የሚያርፍበት ላይ ናት። ቆርጠን ስፌቱን ፈታንለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካናቴራዎች ተሠርተዋል፣ የቀሩት ቅዳሜ ይሠራሉ።